«ሰማያዊ፣ ለስላሳ» ሲያንስ፦ ለጨርቅ ካታሎግ የቀለምና የመዳሰስ ቃላትን መሰብሰብ

ካታሎግ የሚያይ ሰው ጨርቁን መንካት አይችልም። ያለው ፎቶና ጽሑፍ ነው። ፎቶው በካሜራውም በስክሪኑም ስለሚቀየር ጽሑፉ የፎቶውን ስህተት ማረም አለበት። «ሰማያዊ ጨርቅ፣ ለስላሳና የሚያምር» ብሎ መጻፍ ግን ምንም አያርምም፤ ያው መግለጫ መጋዘን ውስጥ ካሉት ሰማያዊ ጨርቆች ሁሉ ላይ ቢለጠፍ ይስማማል።

እዚህ የምናየው ዘዴ አንድ መለኪያ ብቻ አለው። ጨርቁን ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ሰው መግለጫውን ብቻ ሰምቶ ከተደረደሩ ናሙናዎች መካከል ያንኑ ጨርቅ ካነሳ ቃሉ ትክክል ነው፤ ሌላ ካነሳ ቃሉ ይቀየራል። የምናደርገው ዝግጅት በሙሉ ለዚህ ፈተና የሚሆን ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን አቅራቢው ሁሉንም «ሰማያዊ» ብሎ የላካቸውን ሰባት ጨርቆች ይዘን እንሂድ።

ናሙናውና ብርሃኑ

ከእያንዳንዱ ጨርቅ 10 ሴንቲሜትር በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ናሙና ቁረጡ። መጠኑ የተመረጠው በምክንያት ነው፤ በኋላ ክብደት ስንመዝን ስሌቱን ያቀልልናል። ከጀርባው ቁጥር ብቻ ጻፉበት። የአቅራቢውን የቀለም ስም አትጻፉ፤ ስሙን ያየ ሰው ዓይኑን ትቶ ስሙን ማመን ይጀምራል። በፋብሪካ የተጠቀለለው ጨርቅ የትኛው ወገን ፊቱ፣ የትኛው አቅጣጫ ርዝመቱ እንደሆነም በቀስት አመልክቱ።

ናሙናዎቹን የምታዩት ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ይሁን። ይህ ካልተመቸ 6500 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት አምፖል ይቀርበዋል። በየቤቱ የተለመደው ሞቃት አምፖል 2700 ኬልቪን ገደማ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ሰማያዊን ያደበዝዛል፤ ክሬምና ነጭንም ያቀላቅላል። የትኛውንም ብትመርጡ ሥራው እስኪያልቅ አትቀይሩ። አንድ ነገር ብቻ ለማጣራት ሁለተኛውን ብርሃን ተጠቀሙበት፦ በቀን ብርሃን አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ጨርቆች በአምፖል ሥር ሲለያዩ ይታያል፤ የተነከሩበት ማቅለሚያ ይለያያልና። እንዲህ ያሉትን በመዝገቡ ላይ ምልክት አድርጉባቸው። ሸሚዝና ሱሪ አጣጥሞ የሚገዛ ሰው ቢያውቀው የሚጠቅመው ነገር ነው።

ከናሙናዎቹ ሥር መካከለኛ ግራጫ ካርቶን አንጥፉ፤ በመካከላቸውም ክፍተት ተዉ። ለምን ቢባል አንድ ቀለም ከጎኑ ባለው ቀለም ይለወጣል። በፓሪሱ የጎብለን ምንጣፍ ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስቱ ሚሼል ሼቭረል ጥቁሩ ክር ከሰማያዊና ከሐምራዊ ጋር ሲሸመን ፈዘዘ የሚል ቅሬታ ቀርቦለት ነበር። መርምሮ ያገኘው ክሩ ደህና መሆኑን ነው። ጥቁሩን የሚያፈዝዘው አጠገቡ ያለው ቀለም ነበር። ግኝቱን በ1839 በመጽሐፍ አሳተመው። እናንተም ሰማያዊውን ናሙና ከብርቱካናማ አጠገብ አስቀምጣችሁ «ደማቅ» ብትሉት የገለጻችሁት ጎረቤቱን ጭምር ነው።

ቀለሙን በሦስት ጥያቄ መለየት

ቃል ከመፈለጋችሁ በፊት ልዩነቱ የቱ ጋ እንዳለ እወቁ። አሜሪካዊው ሠዓሊና መምህር አልበርት መንሰል በ1905 ያስተዋወቀው አከፋፈል እስካሁን ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ማንኛውም ቀለም በሦስት ነገር ይለያል። የመጀመሪያው ዓይነቱ ነው፦ ሰማያዊ ነው? ሰማያዊ ሆኖስ ወደ አረንጓዴ ነው ወይስ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው? ሁለተኛው ንጣቱ ነው፦ ለነጭ ይቀርባል ወይስ ለጥቁር? ሦስተኛው ጥራቱ ነው፦ ቀለሙ ጥርት ብሎ የወጣ ነው ወይስ ግራጫ የገባበት?

የአማርኛ ካታሎጎች የሚሰናከሉት ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። «ደማቅ ሰማያዊ» ሲባል አንዱ ጥርት ያለውንና ዓይን የሚስበውን ያስባል፤ ሌላው ጠቆር ያለውን። «ፈዛዛ»ም እንዲሁ ነው፤ ለአንዱ ነጣ ማለት ነው፣ ለሌላው ግራጫ የበዛበት። ስለዚህ ሥራውን ስትጀምሩ ቃላቱን ተከፋፍላችሁ ቦታ ስጧቸው። እኔ የምመርጠው ክፍፍል ይህ ነው። ለንጣት «በጣም የነጣ»፣ «ነጣ ያለ»፣ «ጠቆር ያለ»፣ «ጥቁር» እንጠቀም፤ መካከለኛው ቃል አይጨመርለትም። ለጥራት «ደማቅ»፣ «ደብዛዛ» እና ግራጫው ሲያሸንፍ «አመድማ» እንጠቀም። «ፈዛዛ» ከመዝገቡ ይውጣ፤ ሁለት ጌታ የሚያገለግል ቃል ነው። «ደማቅ»ን ግን ማስወጣት ይከብዳል፤ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። ስለዚህ ለጥራት ብቻ ይሁን፤ ጠቆር ያለውን ጨርቅ ደማቅ ማለት በቤቱ ሕግ ይከልከል።

ንጣትን ከጥራት መለየት ለዓይን ከባድ ነው። ሁሉንም ናሙናዎች በአንድ ፍሬም ውስጥ አስገብታችሁ ፎቶ አንሱና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። በዚያ ፎቶ ላይ እኩል ግራጫ ሆነው የሚታዩ ሁለት ናሙናዎች ንጣታቸው ይቀራረባል፤ ለዓይን የሚለያዩት በጥራት ወይም በዓይነት ነው ማለት ነው። ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ካነሳችሁ ግን ስልኩ ብርሃኑን በየፎቶው ስለሚያስተካክል ውጤቱ አይረባም።

ሰባቱን ሰማያዊ በዚህ ስናልፍ እንዲህ ወጡ። 1 እና 2 በጥቁርና ነጭ ፎቶው ላይ አይለያዩም፤ ሁለቱም ነጣ ያሉ ናቸው፤ ግን 1 ጥርት ያለ ሲሆን 2 አመድማ ነው። 3 መካከለኛ ንጣት ያለውና ከሁሉም ደማቁ ነው። 4 ጥቁር ሊባል ትንሽ የቀረው ነው፤ እውነተኛ ጥቁር ጨርቅ አጠገቡ ስናደርግ ሰማያዊነቱ ወጣ። 5 ወደ አረንጓዴ፣ 7 ወደ ሐምራዊ ያደላሉ። 6 አስቸገረ፤ ከሩቅ ሲታይ ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ቀረብ ሲባል ግን አንድ ቀለም አይደለም።

ክሩን ፍቱት

እንደ 6 ያለ ጨርቅ ሲያጋጥም ከጫፉ ላይ በመርፌ ጥቂት ክር ፍቱ። ድሩ ሰማያዊ ማጉ ነጭ ሆኖ ተገኘ። ጂንስም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ድሩ በኢንዲጎ የተነከረ፣ ማጉ ያልተነከረ፤ ለዚህም ነው ውስጡ ከፊቱ የሚነጣው። ቀለሙ የሁለት ክሮች ድምር ከሆነ «ነጣ ያለ ሰማያዊ» ብሎ መጻፍ ውሸት ባይሆንም ግማሽ እውነት ነው። «ሰማያዊና ነጭ ክር የተሸመነበት፣ ከሩቅ ነጣ ያለ ሰማያዊ የሚመስል» ሲባል አንባቢው ቀረብ ብሎ ሲያየው አይደነግጥም።

ሌሎች ሁለት ሁኔታዎች አሉ። ድሩና ማጉ ፈጽሞ የተለያየ ቀለም ሲኖራቸው፣ ለምሳሌ ድሩ ሰማያዊ ማጉ ቀይ ሲሆን፣ ጨርቁ ሲታጠፍና ሲዞር ቀለሙን ይለዋውጣል፤ እዚህ ላይ ሁለቱንም ቀለሞች ጽፎ «ሲንቀሳቀስ የሚለዋወጥ» ማለት ግድ ነው። በሌላ በኩል አንዱ ክር ራሱ ቀለሙ የተደባለቀ ሊሆን ይችላል፤ ቃጫው ከመፈተሉ በፊት ተነክሮ ከነጭ ጋር የተቀላቀለ ማለት ነው። የብዙ ግራጫ ቲሸርቶች ጨርቅ እንዲህ ነው። ለዚህ «ቡራቡሬ» ይጋነናል፤ «ነጭ ቃጫ የተሰገሰገበት ግራጫ» የተሻለ ይገልጸዋል።

ቃሉን ከሰው አፍ መልቀም

አሁን ሰው ጋ እንሂድ። ልብስ ሰፊ፣ ሸማኔ፣ ጨርቅ ሻጭ፣ ጨርቅ ማቅለም የሚያውቅ፣ እንዲሁም ምንም ሙያ የሌለው ገዢ ብታገኙ ጥሩ ድብልቅ ነው። ቀይና አረንጓዴ የሚያምታታባቸው ሰዎች እንዳሉ አስታውሱና የቀለሙን ክፍል ከመጀመራችሁ በፊት በትሕትና ጠይቁ፤ ለመዳሰሱ ክፍል ግን እንደማንኛውም ሰው ይጠቅማሉ።

«ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ሰማያዊ» ነው፤ ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? ይልቅ ሦስት ናሙና በአንድ ጊዜ አስቀምጡና «ሁለቱን አንድ ወገን አድርጉልኝ፤ ሦስተኛውን ምን ለየው?» በሉ። ሥነ ልቦና ባለሙያው ጆርጅ ኬሊ በ1955 ያሳተመው ዘዴ ነው፤ የታሰበው ሰዎች ሌሎች ሰዎችን እንዴት እንደሚለዩ ለማወቅ ቢሆንም ለጨርቅም ይሠራል። ጥያቄው ልዩነትን ስለሚፈልግ መልሱ የልዩነት ቃል ሆኖ ይወጣል። 1፣ 2 እና 5ን የቀረበለት ሰው 5ን ለይቶ «ይቺ ውሃ ውሃ ትላለች» ሊል ይችላል፤ 1፣ 2 እና 3ን ሲያይ ደግሞ 2ን አንስቶ «ይኼኛው የታጠበ ይመስላል» ይላል።

ያሉትን እንዳሉት ጻፉ፤ አታርሙ፣ አታሳምሩ። ከቃሉ ጎን የሦስቱን ናሙናዎች ቁጥርና የተለየውን አስፍሩ። ሦስቶቹን እየቀያየራችሁ ቀጥሉ፤ ሰውየው አዲስ ቃል ማምጣት ሲያቆም እናንተም አቁሙ። ብዙ ጊዜ ከቀለሙ ይልቅ የቀለሙን ታሪክ ይነግሯችኋል፤ «የታጠበ»፣ «ፀሐይ የመታው»፣ «ገና ያልለበሱት»። እነዚህ ቃላት አይናቁ፤ ጥራትንና ንጣትን በአንዴ ይናገራሉ። ጉድለታቸው ለሻጭ የማይመቹ መሆናቸው ነው፤ አዲስ ጨርቅ «የታጠበ» ሲባል ያገለገለ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ቃል ወደ «አመድማ» ወይም «ደብዛዛ» መልሱትና ይዘቱን አቆዩ።

በተለይ መጨረሻቸው «-ማ» የሆኑትን ቃላት ልቀሟቸው፤ አመድማ፣ ወርቅማ፣ ቡናማ፣ አፈርማ። አንባቢው የሚያውቀውን ነገር መነሻ ስለሚያደርጉ ሳይማራቸው ይገቡታል። አዲስ መፍጠርም ይቻላል፤ መነሻው ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ቀለም ያለው መሆን አለበት። አመድ ያው አመድ ነው፤ ድንጋይ ግን ሺህ ቀለም አለውና «ድንጋይማ» ማንንም አይረዳም።

እጅ የሚያውቀው

ወደ መዳሰስ ስንመጣ ትልቁ ችግር «ለስላሳ» ነው። ሲዳሰስ የማያሻክረውም፣ ሲጨበጥ እጅ የሚያርፍበትም ለስላሳ ይባላል። ሳቲን ፊቱ ምንም ባያሻክርም ደረቅ ብሎ ሊቆም ይችላል፤ ፍላኔል ደግሞ ፊቱ ፀጉራም ሆኖ ሲጨበጥ ይተኛል። ሁለቱንም «ለስላሳ» ብሎ የሸጠ ሰው አንደኛውን ገዢ ያስቀይማል። ስለዚህ «ልሙጥ» ለፊቱ፣ «ለስላሳ» ለጭብጡ ይሁን። «ልሙጥ» ጌጥና ሥዕል የሌለበት ለማለትም ስለሚነገር ያንን ትርጉም «ባለ አንድ ቀለም» በሚለው ተኩት።

ሱዛን ሌደርማን እና ሮቤርታ ክላትዝኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1987 ባሳተሙት ጥናት ሰው ነገርን ሲዳስስ ለሚፈልገው መረጃ የተለየ የእጅ እንቅስቃሴ እንደሚጠቀም አሳይተዋል፤ ለሻካራነት ያሻሻል፣ ለጥንካሬ ይጫናል፣ ለሙቀት እጁን አሳርፎ ይቆያል። እናንተም ቃሉን ከእንቅስቃሴው ጋር እሰሩት። ናሙናውን ከረጢት ውስጥ አድርጉና ሰውየው ሳያይ እጁን አስገብቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ፤ ቀለሙን ካየ «ሞቅ ያለ ነው» የሚለው ስለ እጁ ይሁን ስለ ዓይኑ አታውቁም።

በጣት ሲሻሽ ልሙጥ፣ ሻካራ፣ ጎርባጣ፣ ፀጉራም፣ ሸንተረራም የሚሉት ይወጣሉ። ሻካራና ጎርባጣ አይምታቱ፤ ሻካራ በየትም ቦታ እኩል ይፈትጋል፤ ጎርባጣ ደግሞ እዚህም እዚያም ከፍ ያለ ነገር አለው። የሊነን ክር በየመካከሉ ስለሚወፍር ጨርቁ ጎርበጥ ይላል፤ ክሩ እጅግ ተጠምዝዞ የሚሸመነው ክሬፕ ግን ደቃቅ ሻካራነት አለው።

ሲጨበጥና ሲለቀቅ ለስላሳነቱ፣ ደረቅነቱ፣ ተጨማዶ መቅረቱ ወይም መመለሱ ይታወቃል። አሥር ሰከንድ ያህል ጨብጣችሁ ልቀቁት። «ይጨማደዳል» ብሎ በግልጽ መጻፍ ሽያጭ ይጎዳል ብላችሁ አትፍሩ፤ ገዢው ጨርቁን መልሶ ማምጣቱ ይበልጥ ይጎዳል።

ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሲንጠለጠል አወራረዱ ይታያል። ለዚህ ግን ናሙናው አይበቃም፤ ቢያንስ የግማሽ ሜትር ቁራጭ ያስፈልጋል። ጠርዙን ተከትሎ የሚወርደው «ዘርፈፍ ብሎ የሚወርድ» ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት የሚወጣው «ቅርጹን የሚይዝ»። ስስነቱን ለማወቅ የታተመ ወረቀት ከሥሩ አድርጉ። ፊደሉ ከተነበበ «ውስጥ የሚያሳይ» ነው፤ ፊደሉ መኖሩ ብቻ ከታወቀ «ስስ» ይበቃዋል።

«ከባድ» እና «ቀላል» ለሚሉት ቃላት ሚዛን አለ። 10 በ10 የሆነው ናሙና መቶ ካሬ ሴንቲሜትር ነውና ግራሙን በ100 ስታባዙት የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ይሆናል። ናሙናው 1.6 ግራም ቢመዝን ጨርቁ በካሬ ሜትር 160 ግራም ነው፤ ይህ የተለመደ የቲሸርት ክብደት ነው። ወፍራም ጂንስ 400 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ሚዛኑ የግራም መቶኛ ክፍልን የሚያሳይ መሆን አለበት፤ የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ አይበቃም።

ብርሃንን ስለሚመልሱ ጨርቆች አንድ ነገር ልጨምር። «የሚያብረቀርቅ» ለሁሉም ይሰጣል፤ ለሳቲንም፣ በዝግታ ለሚያበራ ጥጥም። ለሁለተኛው «ወዝ ያለው» የሚለው እንዴት ያለ ቃል ነው! ብርሃኑ ከላዩ ሳይሆን ከውስጡ የሚመጣ ዓይነት ጨርቅን ይገልጻል። ከፋይ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የቆመው ፀጉሩ ወደ ታች ሲተኛ ነጣ ብሎ ያበራል፤ ወደ ላይ ሲሆን ቀለሙ ይጠልቃል። ስለዚህ የከፋይን ቀለም ስትገልጹ ፀጉሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደነበር መዝግቡ፤ ፎቶውም በዚያው አቅጣጫ ይነሳ።

ፈተናው

ቃሉን ባመጡት ሰዎች አትፈትኑ። አምስት አዲስ ሰዎች በቂ ናቸው። ሰባቱን ናሙናዎች በግራጫው ካርቶን ላይ አዘበራርቃችሁ ደርድሩ፤ መግለጫውን አንብቡ፤ ያንሱ። ከአምስቱ አራቱ ትክክለኛውን ካነሱ መግለጫው ይቆይ።

ከዚያ ያነሰ ከሆነ ስህተቱ ወዴት እንደሄደ ተመልከቱ፤ ዋናው ትምህርት እዚያ ነው። ስህተቶቹ ሁሉ አንድ ናሙና ላይ ካረፉ ቃሉ ደህና ነው፤ የጎደለው እነዚያን ሁለቱን የሚለየው ነገር ነው። «ነጣ ያለ ሰማያዊ» ተብሎ የተጻፈው 1 ሲነበብ ሰዎች 2ን ካነሱ 1 ላይ «ጥርት ያለ»፣ 2 ላይ «አመድማ» ይጨመር። ስህተቶቹ ተበታትነው ሦስትና አራት ናሙናዎች ላይ ካረፉ ግን ቃሉ ራሱ ለየሰው የተለየ ትርጉም አለው፤ መጨመር አይጠቅምም፣ ይቀየር። «የውቅያኖስ ሰማያዊ» ዓይነት ስሞች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ይወድቃሉ። ስሙን ከወደዳችሁት ለርእስ አቆዩት፤ ከሥሩ ግን በፈተናው ያለፈው ቃል ይቀመጥ።

ለሰባቱ የወጡት እነዚህ ናቸው፦ 1 ነጣ ያለ ጥርት ያለ ሰማያዊ፤ 2 ነጣ ያለ አመድማ ሰማያዊ፤ 3 ደማቅ ሰማያዊ፤ 4 ጥቁር ሰማያዊ፤ 5 ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ፤ 6 ሰማያዊና ነጭ ክር የተሸመነበት፤ 7 ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ። 5 እና 7 ስለ ንጣታቸው ምንም አልተባለላቸውም፤ በካታሎጉ ውስጥ የሚፎካከራቸው ስለሌለ አያስፈልግም። ነገ ጠቆር ያለ 5 ቢመጣ ሁለቱም መግለጫዎች እንደገና ይጻፋሉ። ከሁለት በላይ ቅጽል የተደረደረበት መግለጫ ሰው አያነበውም።

የመዳሰሱ ፈተናም ያው ነው፤ ልዩነቱ ናሙናዎቹ ከረጢት ውስጥ መሆናቸው ብቻ ነው። የ6 ሙሉ መግለጫ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ሰማያዊና ነጭ ክር የተሸመነበት ጥጥ፤ ከሩቅ ነጣ ያለ ሰማያዊ ይመስላል። ፊቱ ልሙጥ፣ ጭብጡ ደረቅ ያለ፣ ሲታጠብ የሚለሰልስ። በካሬ ሜትር 130 ግራም፤ ውስጥ አያሳይም፤ ይጨማደዳል።» «ሲታጠብ የሚለሰልስ» የተጻፈው ናሙናው ታጥቦ ስለታየ ነው፤ ያልታጠበውን በግምት አትጻፉ።

መዝገቡን መያዝ

እያንዳንዱን ቃል ከናሙናው ጋር በአንድ ካርድ ላይ አያይዙት፤ የተመረጠው ቃል፣ የተጣሉት ቃላትና የተጣሉበት ምክንያት፣ የታየበት ብርሃን፣ የፓንቶን ወይም የሌላ ቀለም መለያ ቁጥር ካለ ቁጥሩ። ቁጥሩ ከማቅለሚያ ቤት ጋር ለመነጋገር ነው፤ በወረቀት ላይ ከታተመው ይልቅ በጥጥ ላይ የተነከረውን የፓንቶን ናሙና ተጠቀሙ፤ ወረቀትና ጨርቅ ብርሃንን የሚመልሱት በተለያየ መንገድ ነው። ካርዶቹ ጨለማ ቦታ ይቀመጡ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ናሙና ቀስ በቀስ እየነጣ ቃሉን ውሸት ያደርገዋል።

ያው ጨርቅ በአዲስ ዙር ተነክሮ ሲመጣ ከካርዱ ናሙና አጠገብ አስቀምጡት። ልዩነቱ ዓይን ውስጥ ካልገባ መግለጫው ይቀጥላል። ከገባ አዲሱን ከሌሎቹ ጋር ደርድራችሁ የድሮውን መግለጫ ለሁለት ሦስት ሰው አንብቡ፤ እሱኑ ካነሱት ፎቶውን ብቻ ቀይሩ፤ ሌላ ካነሱ ለአዲሱ ዙር የራሱ ካርድና የራሱ ቃል ይውጣለት።